የላሜቻ 28 ሰከንዶች

እ.አ.አ. በየካቲት 2023 በፈረንሳይዋ ሊዬቫን ከተማ በተካሄደ የቤት ውስጥ ውድድር ላሜቻ ግርማ 3 ሺህ ሜትርን በ7፡23.81 ሮጦ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነ ሰዓት አስመዘገበ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ፓሪስ ላይ 3 ሺህ ሜትር መሰናክልን በ7፡52.11 ጨረሰ። ይህም የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ሳይፍ ሰዒድ ሻሂን እ.አ.አ. በ2004 ብራስልስ ላይ ካስመዘገበው 7፡53.63 ወዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ማንም ሊነካው ያልቻለውን ሰዓት የሰበረ።

ሯጩ አንድ ነው፤ ርቀቱም ዓመቱም አንድ ነው። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት 28.30 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ሩጫዎች ጎን ለጎን ብናስኬዳቸው፣ ተራውን 3 ሺህ ሜትር የሚሮጠው ላሜቻ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ መሰናክል የሚዘለው ላሜቻ ገና 180 ሜትር ያህል ይቀረዋል። አንደኛው የተሮጠው በጣሪያ ሥር፣ ባጭር መም ላይ፣ ሌላው ደግሞ በውጭ ስታዲየም በመሆኑ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ሆኖም የዚህን ውድድር ባሕርይ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እነዚያ 28 ሰከንዶች የት ሄዱ?

ቀላሉ መልስ “መዝለሉ ላይ” የሚል ነው። በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ውስጥ 28 መሰናክሎችና 7 የውሃ ዝላዮች አሉ፤ በድምሩ 35። 28.30 ሰከንድን ለ35 ብናካፍል ለእያንዳንዱ ዝላይ 0.81 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። በላሜቻ ፍጥነት ይህ 5 ሜትር ያህል መንገድ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ጎበዝ ሯጭ መሰናክል ሲያልፍ በዝግታ የተቀረጸ ምስል ብትመለከቱ በአየር ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በጣም አጭር መሆኑን ታያላችሁ። በአየር ላይ ሳለም ቢሆን ወደ ፊት መጓዙን አላቆመም። ከመሰናክሉ በፊት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲቀረው ተነሥቶ ካለፈው በኋላ ከአንድ ሜትር ትንሽ ራቅ ብሎ ያርፋል። ዝላዩ በሌላ አነጋገር ከወትሮው የረዘመ አንድ እርምጃ ነው። ሰዓቱን የሚበላው ከዝላዩ በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ ሯጩ ወደ መሰናክሉ ሲቃረብ ፍጥነቱን ከቀነሰ፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያንን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ከታገለ፣ ሁለቱ ተደምረው ነው የሚያስከፍሉት። ሰውነትን 35 ጊዜ ወደ ላይ ማንሣት የሚያስከትለው ድካምም አለ። እሱ ግን በዚያው ቅጽበት ሳይሆን ቆይቶ፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ዙር ላይ ነው ሒሳቡን የሚጠይቀው።

የማይወድቅ እንጨት

ብዙ ተመልካች የ3 ሺህ ሜትር መሰናክልን ከ110 ሜትርና ከ400 ሜትር መሰናክል ጋር በአንድ ዓይን ያየዋል። ዕቃው ራሱ ግን የተለየ ነው። በአጭር ርቀቶቹ የሚደረደረው መሰናክል ቀላል ነው፤ ሯጩ በጉልበቱ ወይም በእግሩ ሲመታው ወደ ፊት እንዲወድቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ሦስት አራት መሰናክል ጥሎ ያሸነፈ ሯጭ ብርቅ አይደለም።

የ3 ሺህ ሜትሩ መሰናክል አይወድቅም። ክብደቱ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ወርዱ አራት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስለሆነ ብዙ ሯጮች ጎን ለጎን ሆነው ይዘሉታል። የላይኛው አግዳሚ እንጨት አራቱም ጎኑ 12.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማለትም እግር የሚያሳርፍ ስፋት አለው። ቁመቱ ለወንዶች 91.4፣ ለሴቶች 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን እንጨት በጉልበቱ የመታ ሯጭ እንጨቱ አይለቅለትም፤ የሚወድቀው ሯጩ ራሱ ነው። ስለዚህ የአጭር ርቀት ሯጭ ለፍጥነት ሲል አግዳሚውን ለመንካት ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ ሲያልፍ፣ የ3 ሺህ ሜትር ሯጭ በመጠኑ ከፍ ብሎ ያልፋል። ያ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ትርፍ የፍርሃት ምልክት አይደለም፤ እግሩ እየደከመ እንደሚሄድ፣ የደከመ እግር ደግሞ እንዳሰበው እንደማይነሣ የሚያውቅ ሰው የሚይዘው መጠባበቂያ ነው።

ደንቡ አግዳሚውን እንዴት ማለፍ እንዳለበት አይወስንም። ሯጩ ሳይነካው ሊዘለው ይችላል፤ እግሩን አሳርፎበት ሊሻገር ይችላል፤ እጁን ቢያስደግፍም አይከለከልም። የሚከለከለው እግርን በመሰናክሉ ጎን፣ ከአግዳሚው ከፍታ በታች አድርጎ ማሳለፍ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ እግራቸውን አሳርፈው ነው የሚያልፉት፤ አስተማማኝ ነውና። ዳሩ ግን እንጨቱ ላይ የቆመ ሰው ከፍ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ከፍታ መውረድ አለበት፤ ሲወርድም ክብደቱ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ይጫናል። ይህን 28 ጊዜ የደገመ ሯጭ ጭኑ ደክሞ ይጨርሳል።

ያልተቆጠረ እርምጃ

ለእኔ የዚህ ውድድር ልብ ያለው እዚህ ነው፣ በእርምጃው ምት ላይ። ስለ ዝላዩ የሚነገረው ሁሉ መጨረሻው ወደዚህ ይመለሳል።

ተራ የረጅም ርቀት ሯጭ አንድ ትልቅ ሀብት አለው፤ እርምጃውን አይቆጥርም። አንዴ ምቱን ከያዘ በኋላ እግሩ ራሱን በራሱ ይነዳል፤ ትንፋሹም ከእግሩ ጋር ይስማማል። በየ400 ሜትሩ 60 ሰከንድ ሮጦ ከዚያ 60 ሰከንድ መድገም ይችላል። ሐሳቡን የሚፈልገው ለተቀናቃኞቹና ለሰዓቱ ብቻ ነው።

የአጭር ርቀት መሰናክል ሯጭ ደግሞ በተቃራኒው ሁሉንም ቆጥሮ ጨርሷል። በ110 ሜትር በመሰናክሎቹ መካከል 9.14 ሜትር አለ፤ ሯጩ በመካከሉ ሦስት እርምጃ ይረግጣል። ሁልጊዜ ሦስት። የሚነሣበት እግርም ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። በራሱ መስመር ስለሚሮጥ ማንም አይገፋውም፣ ማንም እይታውን አይጋርድበትም።

የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሯጭ ከሁለቱም አንዱንም አላገኘም። በአንድ ዙር አምስት መሰናክሎች አሉ፤ አራተኛው የውሃው ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 80 ሜትር ገደማ ነው። አንድ የወንዶች ውድድር ሯጭ እርምጃው ሁለት ሜትር ገደማ ነው ብንል 40 ያህል እርምጃ ማለት ነው። አርባ እርምጃ ሊቆጠር አይችልም። ቢቆጠርም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም አንዱ ዙር ፈጣን ሌላው ዝግ ያለ ነው፤ አንዴ ከውስጠኛው ጠርዝ አንዴ ከሁለተኛው መስመር ይሮጣል፤ ፊቱ ያለው ሰው ፍጥነቱን ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። ስለዚህ መሰናክሉ ፊት የሚደርሰው በየትኛው እግሩ እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም። ማወቅ የሚጀምረው 15 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ በዓይኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሯጩ ወደ መሰናክሉ እየተጠጋ ነው። በያዘው እርምጃ ከቀጠለ የመጨረሻው ርግጫው ከሚፈለገው ቦታ 60 ሴንቲ ሜትር አልፎ፣ አግዳሚው ሥር ሊሆን ነው። ከዚያ ቢነሣ ጉልበቱ እንጨቱን ይመታል። ይህን ስድስት እርምጃ ሲቀረው ካየው መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ በ10 ሴንቲ ሜትር ያሳጥራል። ሁለት ሜትር ከሚሆን እርምጃ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ተመልካች ልብ አይለውም፤ የሯጩ ፍጥነትም ብዙም አይጎዳም። ነገሩን ያየው ግን አንድ እርምጃ ሲቀረው ከሆነ ያንን 60 ሴንቲ ሜትር በሙሉ በአንድ ጊዜ መቁረጥ አለበት። እግሩን ከፊቱ ተክሎ ራሱን ያቆማል፤ ወይም ሁለት ሦስት አጫጭር እርምጃዎችን ደራርቦ ይረግጣል። በሁለቱም ፍጥነቱ ይሞታል። ከዚያ በቀረችው ጥቂት ፍጥነት ሰውነቱን ወደ ላይ ማንሣት ስላለበት ከፍ ብሎ ይዘላል፤ ከፍ ብሎ የዘለለም ጠንክሮ ይወድቃል። ካረፈ በኋላ ፊቱ ያሉት ሁለት ሦስት ሜትር ርቀውታል። ያንን ለመሙላት ይፈጥናል፤ በፈጠነበት ሁኔታ ቀጣዩ መሰናክል ይመጣበታል።

የዳኞችን ሰዓት ሳያዩ ጥሩውን ሯጭ ከደካማው የሚለዩበት ምልክት ይኸው ነው። ዓይናችሁን ከአግዳሚው አንሡና ከአግዳሚው በፊት ባሉት አምስት ስድስት እርምጃዎች ላይ አድርጉ። ጥሩው ሯጭ እዚያ ላይ እንዲያውም በትንሹ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ዝላዩ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከፍጥነቱ ነው የሚወስደው። ደካማው ግን ይጠነቀቃል፤ ሲጠነቀቅም ይዘገያል። የላሜቻን የፓሪስ ሩጫ ያየ ሰው መሰናክሎቹን የሚጠጋበት መንገድ ከሩጫው የተለየ አለመሆኑን ያስተውላል። የውድድሩ ሰዓት በ400 ሜትር ሲሰላ 63 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ በሊዬቫን ከሮጠው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ዙር 3.8 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የዘገየው። በዚያ ዙር ውስጥ አምስት ጊዜ ተነሥቶ አርፏል፤ አንዱንም ውሃ ውስጥ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ችሎታ አለ፤ በሁለቱም እግር መነሣት። አብዛኛው ሰው አንድ የሚመርጠው እግር አለው። በግራው ብቻ መነሣት የሚችል ሯጭ በቀኙ በደረሰ ቁጥር አንድ ተጨማሪ እርምጃ መፍጠር ወይም ማጥፋት ይኖርበታል፤ ይህም በውድድሩ ግማሽ ያህል መሰናክሎች ላይ ሊገጥመው ይችላል። በሁለቱም የሚነሣ ሯጭ የሚያስተካክለው ርቀት ቢበዛ የእርምጃውን ግማሽ አካባቢ ነው። ወጣቶች ይህንን የሚማሩት ገና እግራቸው ሳይለምድ ነው፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ከተራው ሩጫ የተዛወረ ሰው ግን ለዓመታት ይታገለዋል።

በቡድን ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። አሥራ አምስት ሯጭ ተጠጋግቶ ሲሮጥ ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ እንጂ መሰናክሉን አይደለም። የፊተኛው ሰው ድንገት ከፍ ሲል ነው መሰናክል መኖሩን የሚያውቀው፤ ያኔ ማስተካከያ የሚሆን 15 ሜትር የለውም። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ሯጮች ወደ መሰናክሉ ሲቃረቡ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብለው እይታቸውን ይከፍታሉ። በተራ ሩጫ ወደ ውጭ መውጣት ርቀት ማባከን ነው፤ እዚህ ግን የሚባክነው አንድ ሁለት ሜትር በመውደቅ ከሚጠፋው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ውሃው

ውድድሩ የተወለደው በእንግሊዝ ገጠር፣ አጥርና ቦይ እየዘለሉ ከመሮጥ ነው፤ ዛሬ በየስታዲየሙ ያለው የውሃ ጉድጓድ የዚያ ቦይ ውርስ ነው። ከመሰናክሉ ጀምሮ 3.66 ሜትር ይረዝማል። ጥልቀቱ በመሰናክሉ ሥር ነው የሚበዛው፤ በቆዩት ስታዲየሞች 70 ሴንቲ ሜትር፣ በአዲሶቹ ግማሽ ሜትር ገደማ። ከዚያ ወለሉ እያዘነበለ ወጥቶ ከመሙ ጋር እኩል ይሆናል።

ይህ ዝንባሌ የተሠራበት ብልሃት ሊስተዋል ይገባል። ርቆ የዘለለ ሯጭ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንኳ በማይደርስበት ቦታ ያርፋል። አጥሮ የወደቀ ግን እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ ከዚያም ዳገት እየወጣ፣ ውሃ እየገፋ ይወጣል። ጉድጓዱ ራሱ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ውሃው ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ከፍታ ደረቅ መም ላይ መውደቅ ለእግር የከፋ በሆነ ነበር።

ውሃው ላይ አብዛኛው ሯጭ አግዳሚውን ይረግጣል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር ሲቀረው ፍጥነት ይጨምራል። ከዚያ ቀዳሚ እግሩን ጉልበቱን እንዳጠፈ አግዳሚው ላይ ያሳርፋል፤ የጫማው መካከለኛ ክፍል ጠርዙን እንዲይዝ አድርጎ። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት አግዳሚው ላይ ቀና ብሎ መቆም ነው። ቀና ያለ ሰው ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ ላይ የገፋም ቁልቁል ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። ጥሩው ሯጭ ጎንበስ እንዳለ ዳሌው አግዳሚውን አልፎ ወደ ፊት እስኪሄድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ነው እግሩን ዘርግቶ ወደ ኋላ የሚገፋው። በአንድ እግሩ ከጉድጓዱ ዳር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያርፋል፤ ቀጣዩ እርምጃው ደረቅ መሬት ላይ ነው። በሁለት እግሩ ያረፈ ሯጭ ካያችሁ ቆሟል ማለት ነው፤ ከቆመበት እንደገና መጀመር አለበት።

ውሃውን ሙሉ በሙሉ ዘሎ ማለፍም ይቻላል። ኬንያዊው አሞስ ቢዎት እ.አ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ኦሊምፒክ ላይ እግሩን ሳያርስ ከውሃው ማዶ እያረፈ ወርቁን ወሰደ። ይህን ዘዴ በሰፊው የተከተለው ሰው ግን አልበዛም፤ ሰባት ጊዜ እንዲያ መዝለል የሚጠይቀው ጉልበት በመጨረሻው ዙር ላይ ያስፈልጋልና።

ሴቶች ላይ ስንመጣ አንድ ብዙ የማይነገርለት ነገር አለ። የሴቶች መሰናክል ከወንዶቹ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ጉድጓዱ ግን ያው 3.66 ሜትር ነው። ከዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ ያንኑ ርቀት መሻገር ከባድ ስለሆነ ሴቶች በአማካይ ጠለቅ ወዳለው ውሃ ያርፋሉ። “ለሴቶች ቀለል ተደርጓል” የሚባለው በ28ቱ መሰናክሎች ላይ እውነት ነው፤ በ7ቱ ላይ ግን አይደለም። ሴቶች በዚህ ርቀት በዓለም ሻምፒዮና መወዳደር የጀመሩት እ.አ.አ. በ2005፣ በኦሊምፒክ ደግሞ በ2008 ነው። ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የሮጠችው ሶፊያ አሰፋ በመጀመሪያ ነሐስ ተሰጥቷት፣ አሸናፊዋ ሩሲያዊት በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ስትሰረዝ ወደ ብር ከፍ ብላለች።

የውሃው ጉድጓድ ያለበት ቦታም ችግር ይፈጥራል። በአንዳንድ ስታዲየም ከመሙ ውስጠኛ ጎን፣ በሌላው ከውጭ በኩል ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሯጩ በየዙሩ ከተለመደው መም ወጥቶ ወደ ውሃው ታጥፎ ይመለሳል፤ የአንዱ ዙር ርዝመትም 400 ሜትር አይሆንም። ጉድጓዱ ከውስጥ ሲሆን ዙሩ ወደ 396 ሜትር ያጥራል፤ ከውጭ ሲሆን ወደ 419 ይረዝማል። በዚህም ምክንያት መነሻው መስመር ከስታዲየም ስታዲየም ይለያያል፤ ሰባቱ ሙሉ ዙር ከመጀመራቸው በፊት ያለው ትርፍ መንገድም መሰናክል የለበትም። የተራ ሩጫ ልማድ ያለው እግር ወደ ውሃው ሳይታጠፍ መሙን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ይህ በጀማሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ እ.አ.አ. በ2017 የለንደን ዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼፕኮይች የመጀመሪያውን ውሃ አልፋ ከሄደች በኋላ ተመልሳ ዘለለች፤ እንዲያም ሆኖ አራተኛ ወጣች። በቀጣዩ ዓመት ሞናኮ ላይ 8፡44.32 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበችው ይህችው ሯጭ ናት።

ጫማም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከመጀመሪያው ውሃ በኋላ ሯጩ በራሰ ጫማ ነው የሚሮጠው፤ ስለዚህ ውሃ የማይቋጥርና በእግር ላይ ጥብቅ ያለ ጫማ ይመረጣል። በሪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ እቴነሽ ዲሮ ከሌሎች ሯጮች ጋር ተጋጭታ ጫማዋ ተረከዟን ለቀቀ። መልሳ ልታስገባው ሞከረች፤ አልሆነም። አውልቃ ጣለችው፤ ካልሲዋንም ጨምራ። ቀሪውን በአንድ ባዶ እግር ጨረሰች። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የባዶ እግር ሩጫዋን ነው፤ የኢትዮጵያ ሯጭ በባዶ እግር ሲታይ ሐሳባችን ወዲያው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ያንን እግር እንጨት ላይ እየረገጠች፣ ውሃ ውስጥ እያሳረፈች፣ የእርምጃዋ ምት በሁለት የተለያዩ እግሮች እየተዛባ መሰናክሎቹን ማለፏ ነው። አንዱ እግር ስፓይክ ይዞ መሙን ይነክሳል፤ ሌላው ይንሸራተታል። ይግባኝ ተጠይቆላት ወደ ፍጻሜው እንድትገባ ተፈቀደላት።

የመጨረሻው ዙር

ኢትዮጵያ በወንዶች በዚህ ርቀት ያላት ታሪክ ከ5 ሺህና ከ10 ሺህ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ነው። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ ወሰደ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ኬንያውያን ደግሞ ከ1968 እስከ 2016 በተሳተፉበት ኦሊምፒክ ሁሉ ወርቁን ይዘውት ሄዱ፤ ያንን ሰንሰለት ቶኪዮ ላይ የሰበረው ሞሮኳዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ ነው። ላሜቻ በዚያ ውድድር ሁለተኛ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 ዶሃ ላይ በኮንሴስለስ ኪፕሩቶ በ0.01 ሰከንድ ተቀድሟል፤ 8፡01.35 ለ8፡01.36። በየዝላዩ ከግማሽ ሰከንድ በላይ በሚጠፋበት ውድድር ውስጥ አንድ መቶኛ ሰከንድ ማለት፣ በ35ቱ ውስጥ አንዱን መሰናክል በጥቂት ሴንቲ ሜትር የተሻለ ቦታ ላይ ሆኖ መነሣት ማለት ነው።

የደከመ እግር ምን እንደሚያደርግ ለማየት የፓሪስ ኦሊምፒክን ፍጻሜ ማስታወስ ይበቃል። ነሐሴ 2024 ነው። ደወል ተደውሎ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ መሮጥ ጀምሯል። ላሜቻ ከመሪዎቹ ጋር ነው። 200 ሜትር ገደማ ሲቀረው እግሩ መሰናክሉን ነክቶ በጭንቅላቱ ወደቀ፤ ሳይንቀሳቀስ ቆየና በቃሬዛ ተወሰደ። ኤል ባካሊ በ8፡06.05 አሸነፈ። ከዓመት በፊት በዚያችው ከተማ በ7፡52 የሮጠ ሰው ለ8፡06 ፍጥነት አያንሰውም። ልዩነቱ ሌላ ነው። የክብረ ወሰን ሩጫ አሯሯጭ አለው፤ ፍጥነቱም እኩል ስለሆነ እርምጃው አይለዋወጥም። የኦሊምፒክ ፍጻሜ ግን ዝግ ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ ይፈነዳል። ፍጥነት ሲጨምር እርምጃው ይረዝማል፤ ሲረዝም ሰባት ዙር ሙሉ ዓይን የለመደው የመነሻ ርቀት ይለወጣል፤ እግር ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚነሣበት ጉልበት ከሁሉም ጊዜ ያነሰ ነው። በተራ 3 ሺህ ሜትር ሩጫ በመጨረሻው 200 ሜትር የተሳሳተ እርምጃ የሚያስከፍለው ደረጃ ነው። እዚህ ግን 80 ኪሎ የሚመዝን እንጨት ፊት ለፊት አለ።

ለዚህ ነው ሯጮች ልምምዱን ትኩስ እግር ይዘው ብቻ የማይሠሩት። አሠልጣኞች ከሚያሠሩት አንዱ፣ በአንድ ፍጥነት አንዱን ዙር ያለ መሰናክል፣ ቀጣዩን በመሰናክል እያፈራረቁ ማስሮጥ ነው። ሰዓት ይያዛል። መጀመሪያ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት አራት ሰከንድ ሊሆን ይችላል። ሯጩ ሲደክም ያለ መሰናክሉ ዙር ብዙም ሳይለወጥ የመሰናክሉ ዙር አምስት፣ ከዚያም ስድስት ሰከንድ መዘግየት ከጀመረ፣ ችግሩ ሳንባው ላይ አይደለም። አሠልጣኙ ሰዓቱን ትቶ ከአግዳሚው 15 ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል፤ እርምጃው ማጠር የሚጀምረው የት ላይ እንደሆነ ለማየት።